ሦስት መቶ ሺሕ ብር ለጠራ ሰነድ

ገዢው አዲስ አበባ ላለ ኮንዶሚኒየም 6.5 ሚሊዮን ብር አቀረበ እንበል። ሻጩ ደግሞ «ከ6.8 አልወርድም፤ ግን ካርታው በእጄ ነው፣ ዕዳም እገዳም የለበትም፣ በ15 ቀን ስም ይዞርልሃል» አለ።

ገዢው በወር 30 ሺሕ ኪራይ ይከፍላል። በ6.5 የሚሸጥ ሌላ ቤት በሰነድ ምክንያት 6 ወር ቢጓተት፣ ኪራዩ ብቻ 180 ሺሕ ይሆናል። ቀሪው 120 ሺሕ ከክርክር የመዳኛ ዋጋ ነው።

ይህ የሚያዋጣው ግን ቃሉ እውነት ከሆነ ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ዕዳና እገዳ አለመኖሩ ካርታውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ይጣራ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩም ይፈርም። ጭማሪው 300 ሺሕ ደግሞ ስም በቀኑ ሲዞር ብቻ እንደሚከፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ፣ በ15 ቀኑ እሱም አያምንበትም።