ፋሲካ ከደመወዝ ስንት ቀን ይርቃል?

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ አንድ በር ሱቅ ያላት ሴት አለች እንበል። ዘይት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ለስላሳ ትሸጣለች። ለበዓል ብላ ከጅምላ ነጋዴ የ40 ሺህ ብር ዕቃ በዱቤ ብታነሳና ግማሹ ሳይሸጥ ቢቀርባት፣ የሚቀጥለው ወር የሱቅ ኪራይና የጅምላ ነጋዴው ዕዳ ከአንድ ባዶ መሳቢያ ይጠበቃሉ። ፈርታ ጥቂት ካመጣች ደግሞ ደንበኛዋ ከጎረቤት ሱቅ ይገዛል፣ ከዚያም እዚያው ይለምዳል። ስለዚህ "ለፋሲካ ስንት ሊትር ዘይት ላምጣ?" የሚለው ጥያቄ ለእሷ የዓመቱ ከባድ ጥያቄ ነው።

አብዛኛው ባለሱቅ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው "አምና በዚህ ጊዜ ስንት ሸጥኩ?" ብሎ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው፤ "በዚህ ጊዜ" የሚባለው ነገር በአገራችን አንድ አይደለም።

ፋሲካን እንይ። በ2016 ዓ.ም. የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ዋለ። በሦስት ዓመት ውስጥ 23 ቀን ወደ ኋላ ተንሸራቷል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም፤ በዚህ መሀል ግን ይዋዥቃል። ኢድ አልፈጥር ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። በ2016 ሚያዝያ 2 የዋለው ኢድ በ2017 መጋቢት 21 ላይ ነበር። ስለዚህ የአምናን ሚያዝያ ከዘንድሮ ሚያዝያ ጋር የሚያወዳድር ባለሱቅ፣ አንዱን የጾም ወር ከሌላው የፍስክ ወር ጋር እያወዳደረ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደብተሩ ላይ ከወሩ ቀን አጠገብ ሌላ ቁጥር ይጻፋል፦ "ለበዓሉ 7 ቀን ሲቀረው"፣ "3 ቀን ሲቀረው"፣ "ዋዜማ"። ውድድሩ ከዋዜማ ለዋዜማ፣ ከሰባተኛ ቀን ለሰባተኛ ቀን ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ በዓሉ የትም ቢንሸራተት የገዢው ልማድ ብዙ እንደማይለወጥ ይታያል። ዘይትና ቅመም ቀደም ብለው ይነሳሉ፣ ሽንኩርት ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እንቁላልና ለስላሳ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት።

ይሁን እንጂ በዓሉ ብቻውን ሱቅ አይሞላም። ገዢው በእጁ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። መምህሩ፣ ነርሷና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛው ደመወዛቸውን የሚጠብቁት በወሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሲውል የመጋቢት ደመወዝ ገና ትኩስ ነበር። በ2017 ደመወዙ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ አልፎታል። በ2016 ሚያዝያ 27 ግን የመጋቢቱ ደመወዝ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚያዝያው ደግሞ ከበዓሉ በፊት ይግባ ወይስ በኋላ የሚለው የሁለት ሦስት ቀን ጉዳይ ሙሉውን ሳምንት የሚወስንበት ዓመት ነበር። በእንዲህ ያለው ዓመት ባለሱቋ ከማንኛውም ስሌት በላይ የሚጠቅማት፣ ለደንበኛዋ "መምህር፣ ደመወዝ ገባ እንዴ?" የሚለው ጥያቄ ነው።

የደመወዝ ሰሞን ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ እሱም የዱቤ ደብተር ነው። ደንበኛው በወሩ አጋማሽ በዱቤ የወሰደውን ስኳር ደመወዝ ሲገባ ይከፍላል። በዚያ ቀን መሳቢያው በብር ይሞላል፤ ከመደርደሪያው የወጣው ዕቃ ግን ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ብሩን አይታ "በደመወዝ ቀን ገበያ ይደራል" ብላ ዕቃ የምትቆልል ባለሱቅ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የተሸጠን ስኳር ሁለተኛ ጊዜ ቆጠረች ማለት ነው። ስለዚህ ትንበያው የሚሠራው ከገባው ብር ሳይሆን ከወጣው ዕቃ ነው፣ በዱቤ የወጣውም ተጨምሮ።

ዕቃን በብር መቁጠር ሌላም ጉዳት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በብር ቢታይ የ2017 ፋሲካ ከ2016ቱ የበለጠ ሊመስል ይችላል፤ በሊትር ሲቆጠር ግን ያነሰ ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ሊትር፣ ኪሎና ፍሬ ይጻፍበት።

አሁን ስሌቱን እንሥራው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው። ባለሱቋ በ2016 በተራ ሳምንት 30 ሊትር ዘይት ትሸጥ ነበር፤ በፋሲካ ዋዜማ ሰባት ቀናት 66 ሊትር ሸጠች። ይህ የተራው ሳምንት 2.2 እጥፍ ነው። በ2017 ተራው ሳምንት ወደ 24 ሊትር ወረደ፣ የበዓሉ ሳምንት 60 ሆነ፤ 2.5 እጥፍ። በ2018 ተራው ሳምንት 20 ሊትር ነው። አምና የሸጠችውን 60 ሊትር ብቻ አይታ ብታዝዝ ኖሮ 10 ሊትር ያህል ይተርፋት ነበር። በእጥፉ ከሄደች ግን፣ ደመወዙም ቅርብ ስለሆነ ከፍተኛውን 2.5 ወስዳ በ20 ታባዛለች፤ 50 ሊትር ይመጣል።

50ውን ግን በአንዴ አታነሳም። መጀመሪያ 35 ሊትር ታመጣለች፣ 15ቱን ለሁለተኛ ዙር ታቆያለች። ደብተሯ ባለፉት ዓመታት እስከ ረቡዕ ማታ ከሳምንቱ ዘይት 40 በመቶው እንደሚሸጥ ያሳያል እንበል። ዘንድሮ እስከ ረቡዕ ማታ 20 ሊትር ከወጣ ግምቱ ልክ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት 15ቱን ታስመጣለች። 12 ሊትር ብቻ ከወጣ ግን 12 ለ0.4 ሲካፈል 30 ነው፤ ያለው 35 ይበቃል፣ ሁለተኛው ዙር ይቀራል። ይህች የረቡዕ ማታ ቆጠራ ዕዳን የምትከላከል ናት።

አንድ ነገር ደብተሩን ሊያሳስት ይችላል። ዘይቱ ዓርብ በስድስት ሰዓት ካለቀባት፣ ደብተሩ ላይ ቅዳሜ ሹር "ዜሮ" ይጻፋል። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ያየ ሰው ቅዳሜ ዘይት ፈላጊ የለም ይላል። ያለቀበት ቀንና ሰዓት፣ ተጠይቆ የታጣውም ዕቃ በአጭሩ ካልተጻፈ፣ እጥረቱ በየዓመቱ ራሱን ይደግማል።

እስካሁን የተባለው ለደመወዝተኛው ነው። የነቀምቴ ሱቅ ግን ሌላ ገዢ አለው፤ ከአካባቢው ገጠር በገበያ ቀን የሚመጣው ገበሬ። የእሱ ደመወዝ ቡናና በቆሎ ነው። በንግዱ ዓለም "ለቀምቲ" እየተባለ የሚጠራው የወለጋ ቡና ዋናው ለቀማው ከመኸሩ ጋር ይገጥማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የገበሬው ኪስ ይሞላል። ስለዚህ ገና ሁለቱም ገዢዎች የሚገናኙበት በዓል ነው። እንቁጣጣሽ ግን ክረምቱ እንዳለፈ፣ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ እያለ ይመጣል፤ በዋናነት የደመወዝተኛው በዓል ነው። እሱም ቢሆን የጳጉሜን ደመወዝ የለውም፤ የነሐሴው ደመወዝ 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 36 ቀን መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ዘመን መለወጫ፣ ደብተርና የትምህርት ቤት ወጪ፣ ከዚያም መስቀል አለ። መስከረም 17 ካለፈ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ ሱቁ ጭር የሚልበት ነው። ለመስቀል የተረፈ ዕቃ የሚያንቀላፋውም ያኔ ነው።

ገበሬው መጀመሪያ ይሸጣል፣ ከዚያ ይገዛል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሱቁ የሚሞላው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዕቃው ግን ከጠዋቱ መደርደር አለበት። ከበዓል በፊት ያለው የመጨረሻ የገበያ ቀን የትኛው እንደሆነም መታየት አለበት። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል የገበያው ቀን ከዋዜማው ያለው ርቀት አይለወጥም። ገና፣ መስቀልና እንቁጣጣሽ ግን በየዓመቱ የሳምንቱን ቀን ይቀይራሉ። የገበያው ቀን አንድ ዓመት ዋዜማው ላይ ይውላል፣ ሌላ ዓመት አምስት ቀን ይቀድማል። ከአምናው ጋር ከማወዳደር በፊት ይህን ማስተካከል ግድ ነው።

የወለጋ ጾምም እንደ ሌላው አካባቢ አይደለም። እዚህ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ሁዳዴን አይጾሙም፣ ገናና ፋሲካን ግን ያከብራሉ። በሌላ ከተማ በሁዳዴ እንቁላል አታስገባ የሚል ነጋዴ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቡርቃ ጃቶ ላይ ግን ሽያጩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በምን ያህል ይቀንሳል? የጎረቤት ወሬ አይነግራትም፣ የራሷ ደብተር ይነግራታል። የተረፈ ዕቃ ዕጣም ከበዓል በዓል ይለያያል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ የተረፈ እንቁላልና ቅቤ ገዢ ያገኛል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። ወለጋ ውስጥ መንገድ ሲዘጋ የጅምላው መጋዘን ራሱ ይራቆታል፤ ያኔ ሁለተኛው ዙር ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የማይበላሸው ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ቀድሞ ይገባል፤ እንቁላሉና ሽንኩርቱ እስከ መጨረሻው ይቆያል። በመንገድ መዘጋት የከሸፈ በዓልም ደብተሩ ላይ "መንገድ ተዘግቶ" ተብሎ ይጻፍ። ያ ሳምንት ለሚቀጥለው ዓመት ስሌት አይገባም፤ የገዢውን ፍላጎት ሳይሆን የመንገዱን መዘጋት ነው የሚናገረው።

ለሚቀጥለው ፋሲካ ባለሱቋ የሚያስፈልጓት አራት ቁጥሮች ናቸው፦ የተራው ሳምንት ሽያጭ በሊትር፣ የባለፉት በዓላት እጥፍ፣ ከደመወዝ ያለው ርቀት፣ የረቡዕ ማታ ቆጠራ። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። የመጋቢት ደመወዝ ያን ጊዜ አልቋል፤ የሚያዝያው ገና በመንገድ ላይ ነው። የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ትእዛዝ ከ2018ቱ ቢያንስ ፍርሃት አይባልም፤ ደብተሩን አንብባ ያዘዘችው ነው።