ግቢ ውስጥ ግቢ፦ የአንድ ባለ ፎቅ ቤት የዋይፋይ ቅኝት

አያት አካባቢ ያለው የአክስቴ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ስደውልላቸው ሁሌም የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ «ኢንተርኔቱ አንዳንዴ ይሮጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይተኛል» ይሉኛል። ወርሃዊውን ጥቅል ከፍ አስደርገው አይተውታል። ለውጥ የለም። ከአገልግሎት ሰጪው ሁለት ጊዜ ቴክኒሻን መጥቶ «መስመሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ሄዷል። ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ቤቱን ከበሩ እስከ ፎቁ ዞሬ አየሁት።

ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው ቀጭን ጥቁር የፋይበር መስመር አጥሩን ተሻግሮ በሳሎኑ መስኮት ጥግ ይገባል። የተጠማዘዘ ወይም የተቆነጠጠ ቦታ አላየሁበትም። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የአገልግሎት ሰጪው ነጭ ሞደም አለ፤ መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ቀዩ የመስመር ችግር መብራት ጠፍቷል። ላፕቶፑን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቼ ፍጥነቱን ስለካ ከተከፈለበት 25 ሜጋቢት 24ቱ ደረሰኝ። ቴክኒሻኖቹም እዚሁ ቆመው ነው የለኩት፤ አልተሳሳቱም። ችግሩ የሚጀምረው እነሱ ከቆሙበት ወዲያ ነው።

ከሞደሙ ጀርባ አንድ ሰማያዊ ኬብል ወጥቶ የግድግዳውን ሥር ይዞ ወደ ደረጃው ይሄዳል። ተከትዬው ወጣሁ። ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ፣ ባለ አራት አንቴና ራውተር ተሰቅሏል። የሳሎኑ ዋይፋይ የኮንክሪቱን ሶሌታ አልፎ ወደ ላይ ስለማይደርስ የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ገዝቶ የሰቀለው ነው። ኬብሉን የሰካው የማንዋሉን ሥዕል አይቶ ነው፤ ዋን በሚለው፣ ከሌሎቹ በቀለም በተለየው ሶኬት። ሥዕሉ ስህተት የለበትም። ግን የተሣለው ፊት ለፊቱ ያለው ሣጥን ሞደም ብቻ ነው ተብሎ ነው። ሳሎን ያለው ነጭ ሣጥን ደግሞ ሞደምም ራውተርም ነው።

ራውተር በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። የቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ውስጥ ለውስጥ ብቻ የሚያገለግል አድራሻ አላቸው፤ እንደ 192.168 ያሉት አድራሻዎች ለዚህ ተብለው የተለዩ ናቸው፣ ከቤት ውጭ ማንም አያውቃቸውም። ስለዚህ ከውስጥ መልእክት ሲወጣ ዘበኛው የላኪውን አድራሻ አንስቶ የራሱን ይጽፍበትና ማን እንደላከው በደብተሩ ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ ደብተሩን አይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከውስጥ ማንም ያልጠራው እንግዳ ከመጣ ግን በደብተሩ ስለሌለ አያስገባም። ይህ ሥራ ናት ይባላል። በአክስቴ ቤት ዘበኞቹ ሁለት ናቸው። ሳሎኑ አንድ ግቢ ሲሆን ፎቁ ያው ግቢ ውስጥ የታጠረ ሌላ ግቢ ሆኗል። ለፎቁ ዘበኛ የሳሎን ሰዎች እንኳ የውጭ እንግዳ ናቸው።

ይህን ለማረጋገጥ ከአንድ ትእዛዝ በላይ አያስፈልግም። ላፕቶፑን ከፎቁ ዋይፋይ ጋር አገናኝቼ በዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ላይ ጻፍኩ፦

```
tracert -d 8.8.8.8

  1     1 ms     1 ms     1 ms  192.168.0.1
  2     2 ms     2 ms     2 ms  192.168.1.1
```

ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች የአገልግሎት ሰጪው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ሁለቱም የቤት ውስጥ አድራሻዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የፎቁ ራውተር፣ ሁለተኛው የሳሎኑ ሞደም። አንድ ዘበኛ ባለበት ቤት የሚታየው አንድ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ዘበኛው ሁለት ስለሆነ ፍጥነቱ ግማሽ ሆነ ብሎ ይደመድማል። እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛው ዘበኛ የሚወስደው ጊዜ ከላይ እንደሚታየው አንድ ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው፤ ፎቅ ላይ በኬብል ስለካም 23 ሜጋቢት አገኘሁ። ቤቱን ያስቸገረው መልእክቶች የሚሄዱበት መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ ሰው እንደቆመበት ቦታ ይለዋወጣል። ለዚህ ነው ማንም ሰው ችግሩን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ማሳየት ያልቻለው።

ከሁሉ ግልጽ ሆኖ ያገኘሁት የግቢው ካሜራ ላይ ነው። የካሜራዎቹ መቅጃ ያለው ፎቅ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ሲሆን በኬብል ከፎቁ ራውተር ጋር ተገናኝቷል። አክስቴ መኝታ ቤታቸው ሆነው የካሜራውን መተግበሪያ ሲከፍቱ በሩ ወዲያው ይታያል፣ ሥዕሉም ጥርት ያለ ነው። ሳሎን ወርደው፣ ስልኩ የሞደሙን ዋይፋይ ሲይዝ፣ ያው መተግበሪያ አሥር ሰከንድ ያህል ይሽከረከራል፤ ከዚያ ብዥ ያለ፣ የሚቆራረጥ ሥዕል ያመጣል። ስልኩም ካሜራውም ያው ነው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ አሥር ሜትር አይሞላም።

የሆነው ይህ ነው። ስልኩ ፎቅ ላይ ሲሆን ከመቅጃው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆነ በቀጥታ ይገናኛሉ። ሳሎን ሲሆን ግን የፎቁ ዘበኛ አያስገባውም። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ቀጥታ መንገድ ሲያጡ ሥዕሉን በካሜራ አምራቹ ሰርቨር በኩል ያዞሩታል። ሥዕሉ ከፎቁ ተነስቶ በሞደሙ ወጥቶ ባሕር ማዶ ይደርስና በዚያው ሞደም ተመልሶ ሳሎን ይገባል። የቤቱን መስመር በመውጫም በመግቢያም ይጠቀማል። ልጁ ፎቅ ሆኖ ቪዲዮ እየጫነ ከሆነ መውጫው ይጨናነቅና ሥዕሉ ጭራሽ ይቆማል። ለዚህ ችግር ትልቅ ጥቅል መግዛት ብዙም አያግዝም።

ደረጃው ላይ ሌላ ነገር አየሁ። አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለች እህታቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ወደ ላይ ሲወጡ ጥሪው ስድስተኛው ደረጃ ገደማ ይቆማል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወይ ይመለሳል ወይ ይቋረጣል። ስልኩ የሳሎኑን ዋይፋይ ለቆ የፎቁን ሲይዝ አድራሻው ከ192.168.1 ወደ 192.168.0 ይቀየራል። አድራሻ ሲቀየር የነበረው ግንኙነት ይበጠስና እንደ አዲስ መጀመር አለበት። አክስቴ ግን ለሁለት ዓመት «የአሜሪካው መስመር መጥፎ ነው» ሲሉ ኖረዋል።

ከሳሎኑ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ያለው ፕሪንተርም የዚሁ መለያየት ሰለባ ነው። ልጁ ፎቅ ሆኖ ሲፈልገው አይታየውም፤ ምክንያቱም «ፕሪንተር አለ ወይ?» የሚለው ጥሪ የግቢውን አጥር አያልፍም። አድራሻውን በቁጥር ሲጽፍለት ግን ያትማል፤ ከውስጠኛው ግቢ ወደ ውጨኛው መውጣት ይቻላልና። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ የፎቁ ራውተር ከሞደሙ ቀድሞ ይነሳል። ስልኮቹ ሙሉ የዋይፋይ ምልክት ያሳያሉ፣ ኢንተርኔት ግን ገና የለም። ከድርብ ናቱ ጋር ባይገናኝም የሁለቱን ሣጥኖች ቻናልም አየሁ፤ አንዱ 6፣ ሌላው 8 ላይ ነበሩ። በ2.4 ጊጋኸርትዝ እነዚህ ተደራርበው ይረባበሻሉ። ወደ 1 እና 11 ለያየኋቸው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሞደሙን ድልድይ ማድረግ፣ ማለትም የናቱን ሥራ ለፎቁ ራውተር ብቻ መተው ነው። ለዚህ የመስመሩ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ከአገልግሎት ሰጪው ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሞደሙ ዋይፋይ ይጠፋል። ሳሎኑ በሞደሙ ዋይፋይ ስለሚኖር ለዚህ ቤት አልመረጥኩትም። ሁለተኛው የፎቁን ራውተር ከዘበኝነት አንስቶ ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ ማድረግ ነው። ብዙ አዳዲስ ራውተሮች ለዚህ `Access Point Mode` የሚል ምርጫ አላቸው። የአክስቴ የለውም፤ ስለዚህ በእጅ ሠራሁት።

መጀመሪያ ሞደሙ አድራሻ የሚያድልበትን ክልል ከ2 እስከ 200 አሳጠርኩ። ከዚያ ወደ ፎቁ ራውተር ገጽ ገብቼ `DHCP Server` የሚለውን ዘጋሁ፣ ዋይፋዩን የሳሎኑን ስምና ፓስወርድ ሰጠሁት፣ በመጨረሻም የራሱን አድራሻ 192.168.1.250 አደረግሁ። ይህ መጨረሻ የሚሆነው አድራሻው ሲቀየር ገጹ ስለሚጠፋ ነው። ቀጥዬ ሰማያዊውን ኬብል ከዋን ሶኬት ነቅዬ ከላን ሶኬቶቹ በአንዱ ሰካሁት። ኬብሉ ዋን ላይ ቢቀር ፎቁ ጭራሽ ከቤቱ ይቆረጣል።

ልጁ ከዚህ በፊት ይህን ሞክሮ ተስፋ የቆረጠው `DHCP Server` የሚለውን ሳይዘጋው ነበር። ያኔ ሁለቱም ሣጥኖች አድራሻ ያድላሉ፤ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል። ከሞደሙ የወሰደ ስልክ ይሠራል፤ ከፎቁ የወሰደው ግን መውጫህ የፎቁ ራውተር ነው ስለተባለ፣ በዚያ በኩል ደግሞ መንገድ ስለሌለ፣ ዋይፋይ አለው ኢንተርኔት የለውም። የስልኩን የዋይፋይ ዝርዝር ከፍቶ `Gateway` የሚለውን ማየት ነው፤ 192.168.1.1 ካልሆነ ችግሩ እሱ ነው።

`tracert` ስደግም ከቤቱ የቀረው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ሞደሙ ራሱ ከውጭ የያዘው አድራሻ ግን በ100.64 የሚጀምር ነበር። ይህ ክልል አገልግሎት ሰጪዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እንዲያካፍሉ በ2012 የተመደበ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ሌላ ዘበኛ አለ፤ እሱን ከቤት ሆኖ ማንሳት አይቻልም። አክስቴ ገበያ ሆነው በሞባይል ዳታ ካሜራውን ሲያዩ እንደ በፊቱ በሰርቨሩ በኩል ይመጣል። ይህንንም ነገርኳቸው።

ከዚያ ሳሎን ተቀምጠው መተግበሪያውን ከፈቱ፤ በሩ ወዲያው መጣ። እህታቸው ጋር ደውለው እያወሩ ደረጃውን ወጡ፤ ስድስተኛው ላይ ሥዕሉ ለቅጽበት ረጋ ብሎ ቀጠለ። እኔም መሰላሉን ከማውረዴ በፊት ዋን የሚለውን ሶኬት በጥቁር ፕላስተር አሸግሁት፤ ነገ አቧራ ሲጠረግ ኬብሉ ቢወልቅ ማንም መልሶ እዚያ እንዳይሰካው።