«አንድ ፓኬት ኦአርኤስ…» ከመሃል የጎደለ መልዕክት እንዴት ይታወቃል?

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን መድኃኒቱን ስለሚያዝዘው መልዕክት ላወራችሁ ነው። ከሐኪም የመጣ ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ኮፒ ሲደረግ መሃሉ ወይም መጨረሻው ሊቀር ይችላል። የሚያሳስበኝ ደግሞ የቀረው ጽሑፍ ሙሉ መስሎ መነበቡ ነው። አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ቦሌ አካባቢ የምትሠራ አንዲት እናት የዓመት ከመንፈቅ ልጇን ይዛ መጣች። ተቅማጥ ይዞታል፤ ግን ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ዓይኑም አልጎደጎደም። በቤት ውስጥ የሚደረገውን ነገርኳት፤ እንዳትረሳውም በቴሌግራም ጽፌ ላኩላት። ልጁን ቀን ቀን የሚይዙት ኮተቤ ያሉት አያቱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የያዙት ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ እናትየዋ ጽሑፌን ኮፒ አድርጋ በቴክስት ላከችላቸው።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ። ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር ከዚሁ ኦአርኤስ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ስጡት።»

አያት ጋ የደረሰው ግን ይህ ነው፦ «አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ስጡት።»

እስቲ ሁለተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። ግስ አለው፣ አራት ነጥብ አለው፣ ምንም የተቆረጠ አይመስልም። አያትም እንደታዘዙት አንዱን ፓኬት በአንድ የሻይ ብርጭቆ በጠበጡት። 1 ሊትር የሚፈልገው ጨውና ስኳር 100 ሚሊ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ቢያንስ ዐሥር እጥፍ ወፈረ። እንዲህ የወፈረ ኦአርኤስ ውሃ ከመተካት ይልቅ ከሰውነት ውሃ ይስባል፤ ተቅማጡን ያብሳል። በደም ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በላይ ሲወጣ ደግሞ ልጁ በጣም ይጠማል፣ ይነጫነጫል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጠዋል።

ልጁን ያዳነው የአያቱ ምላስ ነው። ከመስጠታቸው በፊት ቀመሱት። ወዲያው ለልጃቸው ደወሉና «ይሄ እኮ የቅንጬ ጨው ነው፤ ሐኪሟ ይህን አትልም፤ ጠይቂያት» አሉ። በትክክል የተበጠበጠ ኦአርኤስ ከእንባ በላይ ጨዋማ መሆን የለበትም። ይህን ያዙልኝ፤ መልዕክቱ ቢሳሳት ምላስ ይናገራል።

ታዲያ መሃሉ እንዴት ቀረ? ጽሑፉ በአንድ ስክሪን ስላላለቀላት እናትየዋ ሁለት ጊዜ ከፍላ ኮፒ አደረገች። የመጀመሪያው «ኦአርኤስ» የሚለው ቃል ላይ አበቃ። ቀጣዩን ለመውሰድ ስትመለስ ዓይኗ «ኦአርኤስ»ን ፈለገ፤ ያገኘው ግን ሁለተኛውን ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው የውሃው መጠን ከነአረፍተ ነገሩ ጠፋ። ይህ ስህተት የስልክ ዘመን ብቻ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎችም ተመሳሳይ ቃል በቅርብ ርቀት ሲደጋገም ዓይናቸው ይዘል ነበር፤ የተዘለለውን በኋላ በመስመር መካከል ወይም በኅዳግ ላይ ይጨምሩት ነበር። ስልክ ላይ ግን ኅዳግ የለም፤ የተዘለለው ምልክት ሳይተው ይሄዳል።

በዚያው መልዕክት መጨረሻውም ቀርቷል። «ወዲያው ወደ ጤና ተቋም የሚያስመጡ 4 ምልክቶች» ብዬ ነበር፦ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ከደከመና ለመንቃት ካስቸገረ። አያት ጋ የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እኛ ሐኪሞች «ይህን ካያችሁ ግን ኑ» የሚለውን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምንጽፈው፤ ስለዚህ ጅራቱ ሲቆረጥ የሚቀረው የማስጠንቀቂያው ክፍል ነው።

እንግዲህ ተቀባዩ በምን ያውቃል? እኔ ሦስት ነገር እንድታዩ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ የመጨረሻውን ግስ ፈልጉ። በአማርኛ «አድርጉ» እና «አታድርጉ» የሚለየው በግሱ ነው፤ ግሱ ደግሞ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን» ብሎ የቆመ መልዕክት ቢደርሳችሁ ብዙ ሰው በልቡ «ስጡ» ብሎ ይሞላዋል። የተጻፈው ግን «አትስጡ» ነበር። ግስ የሌለው አረፍተ ነገር ትእዛዝ አይደለም፤ በግምት አትሙሉት።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ከይዘቱ ጋር አስተያዩ። «4 ምልክቶች» ካለ አራቱን ቁጠሩ። ከ2 ወደ 4 የሚዘል ዝርዝር ካያችሁ 3ኛው የት ሄደ በሉ። «ከላይ የተጠቀሰው ሽሮፕ» ካለና ከላይ ሽሮፕ ከሌለ የጎደለ አለ።

ሦስተኛ፣ እንደ አያት ያለውን ሙሉ የሚመስል መልዕክት የሚያጋልጠው ጥያቄ ነው። በእያንዳንዱ መጠን ላይ፦ የምኑ ነው? በምን ያህል ውሃ? በቀን ስንት ጊዜ? ለስንት ቀን? ብላችሁ ጠይቁ። «አንድ ፓኬት» ይላል፤ በስንት ውሃ የሚለው መልስ ግን የለም። ያኔ ፓኬቱን ገልብጡና የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ። ፓኬቱና መልዕክቱ ካልተስማሙ ሳትሰጡ ደውሉ። አወፍራችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ የተረፈውን ድፉት፣ ልጁንም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ምን ያህል እንደጠጣም ተናገሩ።

ለምትልኩ ደግሞ፦ ከቻላችሁ ኮፒ አታድርጉ፣ መልዕክቱን እንዳለ ፎርዋርድ አድርጉት። ቴሌግራም በጣም ረጅም ጽሑፍን ለሁለት ስለሚከፍለው ተከታዩንም አብራችሁ ላኩ። ፌስቡክ ላይ ከሆነ ሙሉው ጽሑፍ ሳይዘረጋ ኮፒ አታድርጉ። ቴክስት የግድ ከሆነ አንድ ቴክስት በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ እንደሚይዝ እወቁ፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ግን 160 ነው። ረጅሙ የአማርኛ መልዕክት ብዙ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ቁራጭ ከቀረ ያ ክፍል ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ለአያት የሚሻለው ደውሎ ማንበብና «እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ማለት ነው።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አጻጻፌን ቀይሬያለሁ። እያንዳንዱን ትእዛዝ በቁጥር እጽፋለሁ፣ መጀመሪያ ላይ «ይህ መልዕክት 6 ነጥብ አለው» እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ «እዚህ አበቃ» ብዬ እዘጋለሁ። «እዚህ አበቃ» የሚለው የጅራቱን መቆረጥ ያሳያል፤ የመሃሉን ግን አያሳይም። የመሃሉን የሚያሳየው ቁጥሩ ነው። የውሃውን መጠን ደግሞ ከፓኬቱ እንዳይለይ በአንድ ትንፋሽ እጽፈዋለሁ፦ «1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ፓኬት»።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሻለው። አያቱ ለክትትል ይዘውት ሲመጡ «ዶክተርዬ፣ ደብዳቤሽ ጎድሎ ነው የመጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እናንተም ሐኪም የላከው ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ከጎደለ ጠይቁን።