ጨው ላይ ነው የወደቅኩት

ባለፈው ክረምት ለአንድ ዘገባ እንጅባራ ሄጄ ስመለስ ዳንግላ አክስቴ ቤት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ልጇ ሕክምና ተማሪ ናት። ወደ ኢንተርንነት ከመግባቷ በፊት የሚሰጠውን የብቃት ፈተና በትንሽ ነጥብ ወድቃ፣ ድጋሚው እስኪደርስ ቤት ተቀምጣለች። አክስቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ለእረፍት ነው የመጣችው» ትላለች።

ልጅቷ ጠዋት ተነስታ የልብ በሽታዎችን ምዕራፍ ታነባለች። ማታም እሱኑ። በሦስተኛው ቀን «ልብ ላይ ነው እንዴ የወደቅሽው?» አልኳት።

«አላውቅም ወንድም ጋሼ፤ ውጤቱ በድምር ነው የሚነገረን። ልብ ደስ ይለኛል፤ ሳነበው ይገባኛል።»

ከዚያ ስልኳን ከፍታ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ያሉበትን ፋይል አሳየችኝ። ጓደኞቿ የሚቀባበሉት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያለፈ ፈተና እያገላበጡ ማጥናት ለእኔ የሽምደዳ ታናሽ ወንድም ነበር። እዚህ ቻናል ላይም ስለ መውጫ ፈተና ስንከራከር እንዲያ ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን የምጽፈው ከዚያ አቋሜ በከፊል ስለተመለስኩ ነው።

ጥያቄዎቹ አንድ የተሻለ መልስ የሚመረጥባቸው ናቸው። አንድ ታማሚ ይቀርባል፣ አራት አማራጭ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ስህተት አይደሉም፤ ለዚህ ታማሚ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከሁሉ የሚቀድመው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ያወቀውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስብም ያሳያሉ።

አይታ የማታውቃቸውን 120 ጥያቄዎች ለየች፤ የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት፣ የነርቭ፣ ሁሉም የተደባለቁ። ሰዓት ይዛ፣ መጽሐፍ ዘግታ ሠራቻቸው። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ምልክት አደረገች፦ እርግጠኛ፣ ጥርጣሬ፣ ግምት። ይህ ምልክት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አራት አማራጭ ባለበት ምንም የማያውቅ ሰውም ከአራት አንዱን ያገኛል። በግምት የተገኘ መልስ እንደ እውቀት ከተቆጠረ ድክመቱ ተሸፍኖ ያልፋል። 71 አገኘች። ከዚያ ውስጥ 19ኙ ግምት ነበሩ።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹን በአካል ክፍል ደረደረቻቸው። ልብ፣ ከ18 14። ነርቭ፣ ከሁሉ የምትፈራው፣ ከ14 9። ኩላሊት ከ15 6፤ ከስድስቱም ሁለቱ ግምት። ስትቆጥር አጠገቧ ነበርኩ፤ ፊቷ ተለወጠ። ከመጣች ጀምሮ የኩላሊትን ምዕራፍ አንዴ እንኳ አልከፈተችውም።

እኔ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቁሜ «በይ ኩላሊት አንብቢ» እላት ነበር። እሷ ግን አንድ እርምጃ ቀጠለች፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ያ ነው። የሳተቻቸውን 49 ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነሳች በደብተር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ «ምን ባውቅ ኖሮ ይህን እመልስ ነበር?»

አንዱን ላሳያችሁ። የ19 ዓመት ወጣት፣ የስኳር ታማሚ፣ ያስመልሰዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። በደሙ ያለው ስኳር 480 ነው፣ ሽንቱ ውስጥ ኪቶን አለ፣ ፖታሲየሙ 2.9 ነው። በደም ሥር ፈሳሽ ተጀምሮለታል። ቀጥሎ ምን ይደረግ? ኢንሱሊን፣ ፖታሲየም፣ ባይካርቦኔት ወይስ አንቲባዮቲክ? እሷ ኢንሱሊን ብላለች፤ ያውም «እርግጠኛ» የሚል ምልክት አድርጋ። «ስኳሩ 480 ነው እኮ!» አለችኝ። ኢንሱሊን ያስፈልገዋል፣ እውነት ነው። ግን ኢንሱሊን ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ፖታሲየሙንም ከደም ወደ ሕዋሳት ያስገባል። ፖታሲየሙ ከ3.3 በታች ሆኖ ኢንሱሊን ቢጀመርለት ያለው ጭራሽ ወርዶ የልብ ምቱ ሊዛባ፣ ሊሞትም ይችላል። ፖታሲየም ይቀድማል። (ፖታሲየም መለካት በማይቻልበት ጤና ጣቢያ ግን ጥያቄው ራሱ ሌላ ነው፤ ፈተናው ላቦራቶሪ ያለውን ሐኪም ነው የሚጠይቀው።)

ጥያቄውን የመደበችው ከሆርሞን በሽታዎች ጋር ነበር። ስህተቷ ግን ሆርሞን ላይ አልነበረም። ደብተሩ ሲያልቅ በደም ውስጥ ያሉ ጨዎችን፣ ማለትም ፖታሲየምን፣ ሶዲየምንና የአሲድ ሚዛንን የሚመለከቱ ስህተቶች 11 ሆኑ። አራቱ ኩላሊት ውስጥ፣ ሦስቱ ሆርሞን ውስጥ፣ ሁለቱ ጨጓራና አንጀት ውስጥ (አንደኛው ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው ሕፃን ነው)፣ ሁለቱ ደግሞ በምትወደው በልብ ውስጥ፣ ኢሲጂ ንባብ ላይ ተደብቀዋል። በአካል ክፍል ብቻ ብትቆጥር ሰባቱ ያመልጧት ነበር።

«ጨው ላይ ነው የወደቅኩት» አለች። አክስቴ ከማጀት ሆና ስለ ወጡ የተነገረ መስሏት «በዛ እንዴ?» አለች።

ከቀሩት አምስት የኩላሊት ስህተቶች ሦስቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። ፊቱ ያበጠ ሕፃን ባየች ቁጥር ኩላሊቱ ፕሮቲን የሚያፈስበትን በሽታ ትመርጣለች። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ፣ የደም ግፊቱ የጨመረ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን ታምሞ የነበረ ልጅ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ጉሮሮውን ያመመው ባክቴሪያ ያስነሳው የኩላሊት ብግነት ነው። እብጠቱ የጋራ ምልክት ነው፤ የሚለየው የሽንቱ ቀለምና የደም ግፊቱ። ለዚህ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ጥያቄውን ችኩላ ማንበቧ ነው፤ መጽሐፍ አይፈታውም።

አንድ ቀን ግን ፋይሉ ራሱ ሊያስታት ነበር። በቫይቫክስ ወባ ለተያዘ አዋቂ የተሰጠው ትክክለኛ መልስ ክሎሮኪን ብቻ ይላል። አሁን ባለው የሀገራችን መመሪያ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ተውሳክ ለማጥፋት ፕሪማኪን ይጨመራል፤ ነፍሰ ጡርና መሰል የማይሰጣቸው ሰዎች ሲቀሩ። ጥያቄው የቆየ ነው፣ መልሱም አብሮት አርጅቷል። ከጃዊ ቆላ ወባ ይዞት ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ወባው ተመልሶ መምጣቱና አለመምጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ የሌለውን መልስ ሁሉ ከመጽሐፍና ከመመሪያ ጋር ሳታመሳክር አትቀበልም ነበር።

ስድስት ቀን ጨው አጠናች። ከዚያ የሳተቻቸውን መልሳ ልትሠራ ስትል እኔ ደስ አለኝ፤ እሷ ራሷ ግን ተወችው። «መልሶቹን አስታውሳቸዋለሁ፣ ይዋሹኛል» አለች። ካልነካቻቸው ጥያቄዎች ጨው ያለባቸውን 20 መርጣ ሠራች። 15 አገኘች፣ ግምቱ ሁለት ብቻ።

በሄድኩበት ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሷ ደግሞ ነርቭን እያየች ነበር። 14 ጥያቄ ምንም አይነግረኝም፣ ሁለቱ ቢገለበጡ ሥዕሉ ይለወጣል ብላ 30 ሌላ ፈልጋለች። አክስቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል «ልብ የሚባለውን ለምን ተወችው? ጎበዝ ነበረችበት እኮ!» አለችኝ።