የ52 ገጹ ሪፖርት እና የሁለት መስመሩ ጥያቄ

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው አጥብቆ የሚመረምረው ወረቀቱን ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ አለበት ወይ? ወራሾቹ ሁሉ ፈርመዋል ወይ? የጣሪያውና የቧንቧው ነገር ከተገባ በኋላ ይታያል። አሜሪካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወረቀቱን የማጣራቱ ሥራ ለታይትል ካምፓኒው ይተዋል፤ ገዢው ደግሞ ከኪሱ ከፍሎ ቤቱን ራሱን ያስመረምራል። ኢንስፔክሽን የሚባለው ይህ ነው።

ብዙ ሐበሻ ኢንስፔክሽንን እንደ ማትሪክ ፈተና ያየዋል፤ ቤቱ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። ኢንስፔክተሩ ግን የማሳለፍም የመጣልም ሥልጣን የለውም። (ባንኩ የሚልከው የዋጋ ገማች ሌላ ሰው ነው፤ እሱ የሚሠራው ለባንኩ እንጂ ለገዢው አይደለም።) ኢንስፔክተሩ ያየውን ጽፎ ይሄዳል። የሪፖርቱ ትልቁ ጥቅም ዋጋ ከተቆረጠና ውል ከተፈረመ በኋላ ሁለተኛ የድርድር በር መክፈቱ ነው። በዚያ በር አብዛኛው ሰው ወይ ይሉኝታ ይዞት አይገባም፣ ወይ የመርካቶ ክርክሩን ይዞ ይገባል። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ያለፉበትን መንገድ እንይ። ቤቱ በ1956 የተሠራ ባለ ጡብ ነው። ዋጋው 520,000 ዶላር፣ ዳውን ፔይመንቱ 5 በመቶ፣ ያስያዙት ቀብድ 10,000 ዶላር። ውላቸው ለኢንስፔክሽን 7 ቀን ይሰጣል፤ ጥያቄያቸው በሰባተኛው ቀን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ለሻጩ መድረስ አለበት። ካልደረሰ መብቱ ይቃጠላል፣ ውሉ እንዳለ ይቀጥላል። የቀኑ ብዛትና አሠራሩ ከስቴት ስቴት፣ ከውል ውል ይለያያል። የማይለየው ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ልመና መሆኑ ነው።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በማግስቱ 52 ገጽ ሪፖርት ላከ። 41 ነጥብ፣ ከነፎቶው። የደረጃው መደገፊያ ላልቷል፤ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል፤ የሁለት መስኮቶች መስታወት በመሀሉ ጭጋግ ይዟል፤ ፈርኒሱ 22 ዓመቱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፓናሉ የድሮ ሥሪት ነው። ባል ሪፖርቱን ሌሊት አንብቦ ሲጨርስ ላብ በላብ ሆነ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ያስደነግጣል፤ ግን የሰባ ዓመት ቤት ላይ 41 ነጥብ ብርቅ አይደለም። አዲስ ቤት ላይም ሃያ ሠላሳ አይጠፋም።

በዚያው ሳምንት ሚስት አንድ ነገር አጥብቃ ጠየቀች። አብራት የምትሠራ ነርስ ቤት ከገባች በአራተኛ ወሯ የፍሳሽ ቱቦዋ ተደፍኖ ምድር ቤቷ ተጥለቅልቆ ነበር። መደበኛው ኢንስፔክተር ግድግዳ አይከፍትም፣ መሬት አይቆፍርም፣ ከቤቱ ወደ መንገዱ የሚሄደውን ቱቦም አያይም። ለእሱ ካሜራ የሚያስገባ ሰው ለብቻው ይቀጠራል። 250 ዶላር ከፈሉ። ካሜራው 30 ጫማ ያህል ሲሄድ የሸክላው ቱቦ መጋጠሚያ ተሰንጥቆ፣ የዛፍ ሥር እንደ ጢም ገብቶበት ታየ። በዚያ አካባቢ ከቤቱ እስከ ይዞታው ድንበር ያለው ቱቦ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሚጠግነው ከድንበሩ ወዲያ ያለውን ነው።

ባል 41ዱንም ነጥብ በቁጥር ደርድሮ ለሻጩ ለመላክ አዘጋጀ። አጎቱም፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው፣ በስልክ አበረቱት። «ሠላሳ ሺህ ጥራ ልጄ፣ አሥራ አምስት ላይ ትገናኛላችሁ» አሉት።

ይህ ስሌት ቲማቲም ላይ ይሠራል። ቤቱን 25 ዓመት የኖረበት ሻጭ ግን የላላ የካቢኔት እጀታና የተሰነጠቀ ፍሳሽ ቱቦ በአንድ ዝርዝር ሲመጡለት የሚያነበው እጀታውን ነው። «እነዚህ ሰዎች ሊያስቸግሩኝ ነው» ብሎ ይዘጋል፤ ወይም ብልጥ ከሆነ ሃያ ርካሽ ነገር በአንድ ቅዳሜ አስጠግኖ «ግማሹን አሟልቻለሁ» ይላል። ትልቁ ጉዳይ በትንንሾቹ ውስጥ ይሰወራል።

ወኪላቸው አበሻ ነው፤ ረጅም ልምድ አለው። «እኅቴ፣ እነዚህን በሦስት ወንፊት እናሳልፋቸው» አላት። አንደኛ፣ ዋጋ ስትሰጡ በዓይናችሁ ያያችሁት ነው? ጭጋጋሙን መስኮት አይተውታል፤ ስለዚህ ዋጋው ውስጥ አለ። ሁለተኛ፣ ተበላሽቷል ወይስ አርጅቷል ብቻ? ፈርኒሱ 22 ዓመቱ ነው፤ ግን ይሠራል። ዕድሜ ብልሽት አይደለም፤ ሻጩም ይህንኑ ነው የሚመልሰው። እርግጥ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መቀየሩ አይቀርም፤ ይህ የገዢው የራሱ ሒሳብ ነው። ሦስተኛ፣ ካልተስተካከለ ቤቱን መግዛት ወይም መኖር ያስቸግራል?

ከ41ዱ ሁለት ቀሩ፤ ፓናሉና ቱቦው። የፓናሉ ዓይነት ብሬከሮቹ ጭነት ሲበዛ ላይዘሉ ይችላሉ በሚል በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ መጥፎ ስም ያለው ነው። ሚስት ለቤት ኢንሹራንስ ስትደውል የመጀመሪያው ኩባንያ በዚህ ፓናል አልሸፍንም አላት። ኢንሹራንስ ከሌለ ሞርጌጅ የለም፤ ይህ ነጥብ ከጠቅላላ ስጋት ወጥቶ የክሎዚንግ እንቅፋት ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ነው። ኢንስፔክተሩ ዋጋ አይጽፍም፤ ቢጽፍም ግምት ነው። ባልና ሚስቱ በሦስት ቀን ውስጥ ፈቃድ ካላቸው ሠራተኞች የጽሑፍ ዋጋ አስመጡ፤ ቱቦውን ቆፍሮ ለመቀየር 9,800፣ ፓናሉን ለመቀየር 3,600። ድምሩ 13,400 ዶላር። «ቱቦው መጥፎ ነው» የሚል ገዢና የካሜራ ፊልምና የቧንቧ ሠራተኛ ደብዳቤ የያዘ ገዢ አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው የሚመልስ ሻጭ ቁጥሩን መከራከር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ራሱ ሌላ ሠራተኛ መጥራት ይኖርበታል።

ጥያቄው በምን መልክ ይቅረብ? ሦስት መንገድ አለ። ሻጩ ይጠግን፣ ዋጋው ይቀነስ፣ ወይም ሻጩ በክሎዚንግ ቀን ክሬዲት ይስጥ። ሐበሻ «ዋጋ ቀነስኩ» ማለት ይወዳል፤ ግን 8,500 ዶላር ከዋጋው ቢቀነስ፣ በ6.75 በመቶ ወለድ የ30 ዓመት ብድር ላይ ወርኃዊ ክፍያው የሚቀንሰው 52 ዶላር ገደማ ነው። ቱቦው ግን አሁን፣ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚቆፈረው። ክሬዲት ቢሆን 8,500ው የክሎዚንግ ወጪያቸውን ይሸፍንላቸዋል፤ ለክሎዚንግ ያስቀመጡት ቁጠባ ባንክ ይቀርና ለቧንቧ ሠራተኛው ይሆናል። ገደብም አለው። በተለመደው ብድር ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ በታች ለሆነ ገዢ ሻጩ የሚሰጠው ክሬዲት ከ3 በመቶ አይበልጥም፤ ከትክክለኛው የክሎዚንግ ወጪም ማለፍ አይችልም። ትርፉ ለገዢው አይደርስም። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጠራቱ በፊት ለሞርጌጅ ባለሙያው መደወል ያስፈልጋል። የእነሱ ወጪ 14,200 ዶላር ስለነበር ቦታው ይበቃ ነበር።

በስድስተኛው ቀን የሄደው ጥያቄ ሁለት መስመር ነበር፤ ፓናሉ ከክሎዚንግ በፊት ይቀየር፣ ለቱቦው 9,800 ክሬዲት ይሰጥ። ፓናሉን በጥገና የጠየቁት ኢንስፔክሽኑን ለማስደሰት ሳይሆን ኢንስራንሱ ስለማይጠብቅ ነው። ቱቦውን በክሬዲት የጠየቁት ደግሞ የሚሄድ ሻጭ የሚመርጠው ሠራተኛ ርካሹን ስለሆነ ነው፤ ተቆፍሮ የተቀበረን ሥራ ማን ያያል?

ሻጩ በመጀመሪያ 4,000 ዶላር ከዋጋው ልቀንስ አለ። ባል ተናደደ፤ ወኪሉ ግን አልተናደደም። የካሜራው ፊልም ለሻጩ ወኪል ደርሷል። እነዚህ ገዢዎች ጥለው ቢሄዱ ሻጩ ስለ ቱቦው «አላውቅም» ማለት ከእንግዲህ ያስቸግረዋል፤ ቀጣዩም ገዢ ካሜራ ሊያስገባ ይችላል። ብዙ የሻጭ ወኪሎች ሙሉ ሪፖርቱን መቀበል የማይፈልጉት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የባልና ሚስቱም ጉልበት ወሰን ነበረው። ቤቱ ላይ አምስት ሰው ቢሻማ ኖሮ ጥያቄው በአንድ መስመር ኢሜይል ውድቅ ይሆን ነበር። በ2021 እና በ2022 ብዙ ገዢ ተፎካካሪን ለመብለጥ የኢንስፔክሽን መብቱን ጭራሽ ይተው ነበር። ይህ ቤት ግን 38 ቀን ገበያ ላይ ቆይቷል። ሻጩም ፍሎሪዳ ላይ ቤት ይዟል። ወኪሉ የሚተማመነው በዚህ ነበር።

በ8,500 ክሬዲትና በፓናሉ መቀየር ተስማሙ። ስምምነቱ ላይ ሚስት አንድ ዐረፍተ ነገር አስጨመረች፤ «ፓናሉ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን በሙሉ ይቀየር፤ የካውንቲ ፐርሚት ይውጣበት፤ ምርመራው አልፎ ደረሰኙ ከክሎዚንግ አምስት ቀን በፊት ይድረሰን።» ወኪሉ እንኳ በዛ ብሎ ነበር።

አልበዛም። ደረሰኝ የተባለው ሲመጣ «ስድስት ብሬከር ተቀይሯል» ይላል፤ ፐርሚት የለም፤ ፓናሉ ያው ነው። ስምምነቱ «ፓናሉ ይጠገን» ብቻ ቢል ኖሮ ሻጩ ጠግኛለሁ ባለ፣ ክርክሩም ማለቂያ ባልነበረው። ቃሉ «በሙሉ ይቀየር» ስለነበር የሻጩ ወኪል አንድ ቀን ተከራክሮ ዝም አለ። እውነተኛው ኤሌክትሪሺያን መጣ፤ የካውንቲው ተቆጣጣሪ አየው፤ ክሎዚንጉ አራት ቀን ዘገየ። በመጨረሻው የቤት ዙሪያ ጉብኝት ባል መጀመሪያ የሄደው ሳሎን ሳይሆን ምድር ቤት ነበር፤ የፓናሉን በር ከፍቶ የተቆጣጣሪውን ምልክት ፎቶ አነሳ።

ቱቦው በሚያዝያ ተቆፈረ። ስንጥቁ ካሜራው ካሳየው ረዘም ብሎ ተገኘና ሒሳቡ 10,350 ዶላር መጣ። ክሬዲት አንዴ ከተወሰደ ሻጩን ዳግም መጠየቅ የለም፤ ልዩነቱን 1,850 ዶላር ራሳቸው ከፈሉ።