አራት ነጥብ ያላት «እሺ»

አሥራ አንድ ነን። ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ አብረን ያደግን፣ አሁን የምንገናኘው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የአንዷ አባት ሲያርፉ አንዱ «እሁድ 4 ሰዓት 18 ማዞሪያ እንገናኝ፣ 500 ብር እናዋጣ» ብሎ ጻፈ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ «እሺ።» ብዬ ላክሁ። ኔትወርኩ ግን ጎተተው። በመሀል ሌላዋ ጓደኛችን «ከሥራ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ያለኝ 200 ብቻ ነው፣ ይቅርታ» አለች። የእኔ «እሺ።» የገባችው ልክ ከሥሯ ነው።

ማታውን ማንም አልጻፈም። እሁድ እሷ አልመጣችም።

ስደውልላት «እሺ ማለትህ ሳይሆን አራት ነጥቧ ናት ያበሳጨችኝ፤ በቃ ዝጊ ያልከኝ መሰለኝ» አለችኝ። እኔ እኮ ነጥቧን የጻፍኩት ከልማድ ነው!

ፊት ለፊት ብንሆን ይህ አይፈጠርም ነበር። «እሺ»ን ጎተት አድርገን ስንላት መሰልቸት፣ ቶሎ ስንላት መስማማት ትሆናለች። አንዳንዴ ደግሞ ቃሉን ትተን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ያ ብቻውን «አዎ፣ እየሰማሁሽ ነው» ነው። ስልክ ላይ ይሄ ሁሉ ይቀርና የሚተርፉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ጻፊው ግን ድምፁን በጭንቅላቱ ስለሚሰማው ሌላውም የሚሰማ ይመስለዋል። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኢሜይል ጻፊዎች ምጸታቸው ወይም ቁም ነገራቸው 78 በመቶ ያህል በትክክል ይለያል ብለው ገምተው ነበር። አንባቢዎቹ የለዩት 56 በመቶውን ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም።

ግሩፕ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፦ «እሺ» ለማን እንደሆነች አትናገርም። አማርኛ ግሱ ውስጥ ማን፣ ለማን የሚለውን ይይዛል፤ «እሺ» ግን ባዶዋን ናት። «እሺ፣ እሁድ 4 ሰዓት እመጣለሁ» ብል ኖሮ የትም ብትገባ የኔ ጉዳይ መሆኗ ይታወቅ ነበር። «ችግር የለም»ም ያው ነው፤ ሰውየው ችግር አለ ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ከመጣች፣ አንባቢው ችግሩን መፈለግ ይጀምራል።

አሁን ለቀጠሮና ለሰዓት መልእክቱ ላይ አውራ ጣት ብቻ አደርጋለሁ፤ አሥራ አንድ ሰው «እመጣለሁ» ቢል ማን ያነበዋል? ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ግን መልእክቱን ነክቼ ሪፕላይ አደርጋለሁ፣ ስሜቱንም በቃል እጽፋለሁ፦ «አይዞሽ፣ 200ውም ይበቃል፤ አንቺ ብቻ ነይ።» ገንዘብና ሐዘን ከሆነ ደግሞ በኢንቦክስ፣ ቢቻል በድምፅ። እርግጥ የተቀየመ ሰው ረጅሙንም አጣሞ ሊያነበው ይችላል፤ ያኔ መደወል ነው።

ጓደኛዬ ሥራ አግኝታለች። እስካሁን ቡና ልጋብዝሽ ስላት የምትመልስልኝ «እሺ።» ብላ ነው፣ ከነአራት ነጥቧ።