ስልክዎ ሞልቷል ስላቸው «ተመስገን» አሉኝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ደወሉልኝ። እኛ ቤት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ከቤይሩት የሕፃኗን ፎቶ ልካላቸው አልከፈትም ብሏቸው ተናደዋል። ስልኩ ላይ ምን ተጽፎ እንደሚታይ ልጆቹን አስነበብኳቸውና ነገሩ ገባኝ።

«እትዬ፣ ስልክዎ ሞልቷል ማለት ነው» አልኳቸው።

«ተመስገን! ትናንት ነው እኮ የሃምሳ ብር ካርድ የሞላሁት» አሉኝ።

ስቄ ሳልጨርስ ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ ታወቀኝ። ካርድ ይሞላል፣ ቻርጅ ይሞላል፣ ሁለቱም ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ቃል መጥፎ ዜና ነገርኳቸው። «ባትሪም ቶሎ እየጨረሰብዎት ነው አይደል? ባትሪውን እንቆጥባለን» ስላቸው «ባትሪውን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የማበራው» አሉኝ። እሳቸው ባትሪ የሚሉት ከስልኩ ጀርባ የሚበራውን ነው። እኛ አስተማሪዎች ተማሪው አልገባውም እንላለን እንጂ ቃላችንን መለስ ብለን አናይም።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩና ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «ግድ የለም፣ የስልክ ቤቱ ልጅ ፎርማት ላድርገው ብሎኛል። ሰኞ እወስድለታለሁ።»

ለምን እንደተነሳሁ ልንገራችሁ። የእትዬ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማርና ጋሼ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጅቡቲ መስመር ሲመላለስ በየመንገዱ በዋትስአፕ ድምፅ ይልክ ነበር። «ሚሌ ደርሻለሁ፣ አታስቡ» ይላል፣ ከኋላው ሞተሩ ይሰማል። ለእናቴም ይልክላት ነበር፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ የእናቴ ስልክ ሲጣበብ እኔው ላስተካክል ገባሁ። Settings፣ Apps፣ WhatsApp፣ Storage ብዬ ደረስኩ። እዚያ ጎን ለጎን ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ Clear cache ሲሆን ሌላው Clear data ነው፣ አንዳንድ ስልክ ላይ Clear storage ይላል። የመጀመሪያው ትርፍራፊውን ብቻ ይጠርጋል። ሁለተኛው አፕሊኬሽኑን ገና ዛሬ እንደተጫነ አድርጎ ባዶ ያደርገዋል። እኔ ብዙ ቦታ የሚለቀውን መረጥኩ። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበራትም። የጋሼ ድምፅ በሙሉ ሄደ። እናቴ «ምንም አይደል ልጄ» አለችኝ፣ ያ ቃሏ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

የቀረው የጋሼ ድምፅ እትዬ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ፎርማት ደግሞ Clear dataን ለአንድ አፕ ሳይሆን ለስልኩ በሙሉ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከቤቴል ወይራ ሰፈር በእግሬ ገሰገስኩ።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ምንም አላጠፋሁም። መጀመሪያ የጋሼን ድምፆች አወጣኋቸው። ዋትስአፕ ውስጥ ድምፁን ጫን አድርጎ መያዝ ነው፣ ሲመረጥ ሌሎቹንም አንድ በአንድ መንካት፣ ከዚያ የማጋሪያውን ምልክት ተጭኖ Telegram፣ ቀጥሎ Saved Messages። ዋትስአፕ የሚያስቀምጠው ስልኩ ላይ ነው። ቴሌግራም ግን የተላከውን በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚያኖር ስልኩ ቢጠፋም በዚያው ቁጥር ሲገባ ይገኛል። ሃያ ሦስት ድምፅ ነበር። ለእናቴም ላክሁላት።

ከዚያ በኋላ Settings፣ Storage ገብተን አየን። ስልኩ 32 ጊጋባይት ነው። ስልኩ ራሱ ለመሥራት የያዘው 11 ያህል፣ አፕሊኬሽኖቹ 5፣ ፎቶና ቪዲዮ 4፣ ዋትስአፕ 2 ገደማ። ቴሌግራም ብቻውን 9.6! የቀረው ግማሽ ጊጋ እንኳን አይሞላም። «እኔ እኮ ምንም አላስቀመጥኩም» አሉ እትዬ፣ እውነታቸውን ነው። የዕድሩ ግሩፕ፣ የማኅበሩ ግሩፕ፣ የስብከት ቻናል፣ የዜና ቻናል አለ። ቴሌግራም ካልከለከሉት ግሩፕና ቻናል ሲከፈት ያለውን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እያወረደ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል። ያላዩትም ቪዲዮ ቦታ ይይዛል፣ የኢንተርኔት ጥቅላቸውንም ይበላል።

ለእትዬ እንዲህ አስረዳኋቸው። «ቴሌግራም የጎረቤት ጎተራ ነው። እህሉ እዚያ አለ። ስልክዎ ውስጥ ያለው ሊጋግሩበት ያመጡት ቁና ነው። ቁናውን ቢያፈሱት ጎተራው አይጎድልም፣ ሲያስፈልግዎ ሄደው ያመጣሉ። ዋትስአፕ ግን የራስዎ ጓዳ ነው። ከዚያ የደፉት ተደፋ።» ወዲያው ገባቸው። «ታዲያ ጎረቤት ቢሰደድስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። የላከው ሰው ወይም ቻናሉ ፋይሉን ካጠፋው ተመልሶ አይወርድም። መልሶ ማውረዱም ከጥቅል ይቆረጣል። ስለዚህ በጣም የሚወዱትን አስቀድሞ ወደ Saved Messages መላክ ነው።

አጠፋነው። 9.6 የነበረው ወደ 0.3 ወረደ። የሕፃኗ ፎቶ ወዲያው ተከፈተ፣ እልልታው ለጎረቤት ተሰማ።

ዋትስአፑ ውስጥ ደግሞ Settings፣ Storage and data፣ Manage storage ስንገባ Forwarded many times የሚል ክፍል አለ። ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያስተላለፈው እዚያ ይሰበሰባል። እንቁጣጣሽ፣ የገና አበባ፣ «ይህን ለአሥር ሰው ላኩ»። አብረን እያየን ያን ብቻ አጠፋን። የቤተሰብ ንግግሮቹን አልነካንም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከጋለሪ ፎቶ አጥፍታችሁ ቦታው ካልጨመረ አትደናገጡ። ብዙ ስልክ ላይ የጠፋው ለ30 ቀን ያህል Trash ወይም Bin በሚል ቦታ ይቆያል፣ እስከዚያ ቦታውን እንደያዘ ነው። በስሕተት የጠፋ ካለ የሚመለሰውም ከዚያ ነው። ስለዚህ Trash ባዶ የሚደረገው አንዴ በደንብ ከታየ በኋላ ነው።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ ማለቴ ቻርጁ፣ እትዬ በየሰዓቱ የተከፈቱትን አፕሊኬሽኖች በጣታቸው እየጠረጉ ነበር የሚያድኑት። የማን ምክር እንደሆነ እንጃ። ያ አይረዳም። ስልኩ ከኋላ ያሉትን ራሱ ያስተኛቸዋል። ተጠርገው እንደገና ከዜሮ ሲከፈቱ እንዲያውም የበለጠ ይፈጃሉ። ቻርጃቸውን የጨረሰው ሌላ ነው። ብርሃኑ ጫፍ ላይ ነው፣ ስክሪኑ ሳይነኩት 10 ደቂቃ እየበራ ይቆያል፣ የልጅ ልጃቸው የከፈተው ሆትስፖትም አልተዘጋም። ስክሪኑን 30 ሰከንድ አደረግነው፣ ብርሃኑን ዝቅ፣ ሆትስፖቱን ዝግ። እሑድ ማታ ሲደውሉልኝ ጠዋት የሞላው ቻርጅ ገና ግማሽ ላይ ነበር።

ይህ የማይሠራበት ጊዜም አለ። 40 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ድንገት ድርግም የሚል ከሆነ ባትሪው አርጅቷል፣ ቅንብር አያድነውም። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ደግሞ ቻርጅ ላይ አይሰካ፣ አይጫኑት፣ ባትሪው ይቀየር።

ከዚህ በታች ያለው ለእትዬ በድምፅ ቀድቼ የላክሁላቸው ነው። ሦስት ጊዜ ነው ያስተካከልኩት። መጀመሪያ «ሴቲንግ ውስጥ ግቡ» ብዬ ነበር፣ «በየት በኩል?» አሉኝ። አሁን በየደረጃው ምን እንደሚታያቸው ነው የምናገረው። ለእናቶቻችሁ በራሳችሁ ድምፅ አንብቡላቸው፣ በየመስመሩ መሐል ዝም በሉ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ። መነጽርዎን ያድርጉ፣ ቁጭ ይበሉ። ምንም አይበላሽም።

ሰማያዊዋን፣ የወረቀት አውሮፕላን ያለባትን ይንኩ። ቴሌግራም ናት።

ከላይ በግራ በኩል ሦስት መስመር ተደራርቦ ከታየዎት ይንኩት።

ወረድ ብሎ የማርሽ ምስል አለ፣ Settings ይላል። ይንኩት። አሁን Data and Storage የሚለውን ይፈልጉ፣ ይንኩት።

ከላይ Storage Usage ይላል። ሲነኩት ባለ ቀለም ክብ ይመጣል፣ ትንሽ ይጠብቁ። ከሥሩ Clear Cache የሚል ቁልፍ አለ፣ ይጫኑት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል፣ እንደገና Clear Cache ይበሉ።

አሁን አንድ ጊዜ ወደኋላ ይመለሱ። When using mobile data የሚለው ጎን ያለው ማብሪያ በርቶ ከሆነ ይንኩትና ያጥፉት። ከዛሬ ጀምሮ በሞባይል ዳታ ቪዲዮ በራሱ አይገባም። ሲፈልጉ ቪዲዮው ላይ ያለውን ወደታች የሚያመለክት ቀስት ይንኩ።

የትም ቦታ Clear data፣ Clear storage ወይም Reset የሚል ካዩ እጅዎን ያንሱና ይደውሉልኝ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ።»

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትዘሏት። ሌላው ሁሉ ቢረሳ እሷ ትቅር።

ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ የወላጆቻችን ስልክ ቦርሳም ሆኗል። ለአንዳንዶቻችን ደግሞ የሞተ ሰው ድምፅ የሚሰማበት ብቸኛ ቦታ ነው። ትናንት እናቴ ቤት ስገባ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ሰው የደወለላት መስሎኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። ጠጋ ስል ሞተሩ ተሰማኝ።

«ሚሌ ደርሷል» አለችኝ።